ስንት ፀጉር ሲረግፍ ነው መደንገጥ ያለብን?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ፀጉሬ በጣም የተጠቀለለ ነው። እሑድ ዕለት 6 ሳምንት የቆየ ሹሩባዬን ፈትቼ ሳበጥር ከአንድ ጭብጥ በላይ ፀጉር ወጣ። ደንግጬ እህቴን ጠራኋት። እሷም ያኔውኑ ከፊት በኩል ያዝ አድርጋ ስትስበው 5 ፀጉር ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። አብዛኛው ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ አለው፤ ከነሥሩ እየወጣ ይሆን? ከዚያ ወዲህ መቁጠር ጀመርኩ። ሰኞ 38፣ ማክሰኞ 41፣ ረቡዕ 35። ሐሙስና ዓርብ ፀጉሬን አልነካሁትም። ቅዳሜ ስታጠብና ሳበጥር ግን 212 ሆነ! እስከ 100 ጤነኛ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የእኔ ከእጥፍ በላይ ነው። መላጣ ልሆን ነው ወይ?»

እህቴ፣ ከላክሽልኝ ቁጥሮች ተነስቼ ስናገር ፀጉርሽ በጤናማ መጠን እየረገፈ ይመስላል። አንድ የምጠረጥረው ነገር ግን አለ። እሱም እህትሽ የሳበችበት ቦታ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ያስደነገጠሽን 212 እንየው።

ፀጉር በየቀኑ ይረግፋል፤ ሁሉም ግን በረገፈበት ቀን ከራስሽ ላይ አይወርድም። ከሥሩ የተላቀቀ ፀጉር ከሌላው ጋር ተጠላልፎ እዚያው ይቆያል። በተለይ እንዳንቺ የተጠቀለለ ከሆነ ማበጠሪያ ወይም ውኃ እስኪያገኘው ድረስ ቀናት ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ የቅዳሜው 212 የቅዳሜ ብቻ አይደለም። ሐሙስና ዓርብ የረገፈውም አብሮ ነው የወጣው። ሌላም አለ። መታሸቱ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በራሱ ሊወድቅ የነበረውን ፀጉር ቀድሞ ያወርደዋል።

እንግዲህ ሁሉንም እንደምረው። 38፣ 41፣ 35 እና 212 አንድ ላይ 326 ይሆናል። እሑድ አበጥረሽ ስለጨረስሽ ይህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የረገፈ የ6 ቀን ፀጉር ነው። ለ6 ስናካፍለው በቀን 54 ገደማ ይደርሳል። «በቀን ከ50 እስከ 100» የሚባለው እንዲህ ያለውን አማካይ ነው እንጂ የአንድ ቀን ቁጥር አይደለም። በየቀኑ የሚታጠብ ሰው በአንድ ቀን 212 ቢቆጥርና ይህ በየቀኑ ቢደጋገም እኔም እደነግጥ ነበር። በሳምንት አንዴ ለሚታጠብ ሰው ግን 212 ምንም አይደለም።

ሹሩባሽን ስትፈቺ የወጣውም በዚሁ ስሌት ይታያል። 6 ሳምንት 42 ቀን ነው። በቀን 54 ብንይዝ ወደ 2,270 ፀጉር ይመጣል። በሹሩባ ውስጥ ያለ ፀጉር ቢላቀቅም መውደቂያ የለውም፤ ከጎረቤቱ ጋር ተጎንጉኖ ይጠብቃል። ሁለት ሺህ የተጠቀለለ ፀጉር ሲሰበሰብ ደግሞ አየር ስለሚይዝ ጭብጥ ሞልቶ ይተርፋል። ሹሩባ ከፈቱ በኋላ «ሹሩባው ፀጉሬን ጨረሰው» የሚሉ ብዙ ሴቶች ያዩት ይህንኑ የተጠራቀመ ፀጉር ነው። ሹሩባ ፀጉር አይጎዳም ማለቴ ግን አይደለም። ጉዳቱ የሚታየው በሌላ መንገድ ነው።

ነጩ ነጥብስ? ሥሩ አልወጣም። የራስ ፀጉር አንድ ዘለላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል። ከዚያ ማደጉን ያቆምና ለ2 ወይም ለ3 ወር ያህል ዝም ብሎ ይቀመጣል። በመጨረሻ ይወድቃል፤ ቦታውን አዲስ ይይዘዋል። ማደጉን ያቆመ ፀጉር ከታች ያለው ጫፉ ደርቆ እንደ ክብሪት ራስ እብጥ ይላል፤ ቀለም ስለሌለው ነጭ ሆኖ ይታያል። አዲሱን ፀጉር የሚያበቅለው ክፍል እዛው ቆዳ ውስጥ ቀርቷል። እንዲያውም ደረቅ ነጭ ነጥብ ያለው ፀጉር ጊዜውን ጨርሶ የወደቀ ነው።

ልብ ማለት ያለብሽ ሌሎቹን ነው። ነጥብ የሌለው፣ በሁለቱም በኩል ጫፉ ተመሳሳይ የሆነ አጭር ፀጉር ካየሽ የተሰበረ ነው። እሱን ከረገፈው ጋር አትቁጠሪው፤ ለብቻው አስቀምጪው። የተሰበረው ከበዛ ችግሩ ከሥር ሳይሆን ፀጉሩ ላይ ነው። ሙቀት፣ ማለስለሻ ኬሚካል፣ ደረቅ ፀጉርን በኃይል ማበጠር፣ እንዲህ ያሉት ናቸው ምክንያቶቹ። ሌላው ደግሞ በቀስታ ስትስቢው የታችኛው ጫፉ ጠቆር ያለና በስስ፣ ልፋጭ ነገር የተሸፈነ ሆኖ የሚወጣ ፀጉር ነው። ያ ገና በማደግ ላይ የነበረ ስለሆነ በቀላሉ መውጣት አልነበረበትም። አንድ ሁለት ቢሆን እጅሽ ከብዶ ይሆናል። ደጋግሞ ከመጣ ግን ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው።

አሁን ወደ መሳቡ እንምጣ። ይህ የቆዳ ሐኪሞች የሚሠሩት እውነተኛ ምርመራ ነው፤ ቤትም መሥራት ይቻላል። የእህትሽ ሙከራ ግን ሁለት ነገር ጎድሎታል። አንደኛ፣ ሹሩባ በተፈታበት ሰዓት ነው የተሠራው። ያኔ ራስሽ ላይ የ6 ሳምንት ልቅ ፀጉር ተሰግስጎ ነበር። አምስቱ ከቆዳሽ ይነቀሉ ወይም መሃል ላይ ተጠላልፈው የቆዩ ይሁኑ ማወቅ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ስንት ፀጉር እንደያዘች አልተቆጠረም። አምስት ከ60 እና አምስት ከ500 በጣም የተለያዩ ናቸው።

ምርመራው የሚፈልገው ከ50 እስከ 60 ፀጉር ነው። ይህ ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ ነው። አብዛኛው ሰው «ትንሽ ያዝኩ» ብሎ እርሳስ የሚያህል ይጨብጣል፤ እሱ ውስጥ ከሺህ በላይ ፀጉር አለ። መጠኑን እጅሽ እንዲያውቀው ከፈለግሽ ከሰበሰብሽው ረጋፊ 60 ቁጠሪና አንድ ላይ አስተካክለሽ በጣቶችሽ መሃል ያዢው። ስታዪው ወፈር ካለ ክር ብዙ አይበልጥም። ይህን አንዴ ካደረግሽ ከራስሽ ላይ ስትይዢ ብዙ አትሳሳቺም።

ቀኑን አስቀድመሽ ምረጪ። ፀጉርሽ ሳይጎነጎን፣ ታጥቦና በደንብ ተፈትቶ ተበጥሮ ካደረ በኋላ በማግሥቱ ይሁን። ያልተጠቀለለ ፀጉር ላይ መታጠብም ማበጠርም ብዙ ለውጥ እንደማያመጣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ያሳያል። የተጠቀለለ ፀጉር ግን ልቅ የሆነውን ስለሚይዝ አስቀድሞ መፍታቱ ውጤቱን ያጠራዋል ባይ ነኝ። ስትስቢም ቋጠሮ እንዳይኖር ያግዛል፤ ቋጠሮ ካለ ፀጉሩ ይሰበራል እንጂ አይነቀልም።

አሳሳቡ እንዲህ ነው። ወደ 60 የሚሆነውን ቁንጣሪ በአውራ ጣት፣ በአመልካችና በመሃል ጣት ከራስ ቆዳው አጠገብ ያዢ። ጠበቅ አድርገሽ፣ ሳትነጥቂ፣ በቀስታ ከሥሩ እስከ ጫፉ ጣቶችሽን እያንሸራተትሽ ሳቢ። ቆዳው ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ ማመም ግን የለበትም። ካመመሽ ከልክ በላይ ነው የሳብሽው። ጣቶችሽ ላይ የቀረውን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጊና ነጥብ ያለውን ብቻ ቁጠሪ። ይህን ከፊት፣ ከአናት፣ ከግራና ከቀኝ ጆሮ በላይ፣ ከኋላም ከማጅራት ከፍ ብሎ አድርጊው። አንድ ቦታ ሁለቴ አትሳቢ። የኋላውን ሌላ ሰው ቢሠራልሽ ይሻላል፤ እህትሽ አሁን ታውቅበታለች።

ውጤቱን ስታነቢ ሁለት መስመር ያዢ። ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ከ60ው ውስጥ እስከ 5 ድረስ ሲመጣ ጤነኛ ነው ይሉ ነበር። ያ የ2017 ጥናት ግን ጤነኛ ሰዎች ላይ ሲሞከር አብዛኞቹ ላይ 2 ወይም ከዚያ በታች ብቻ እንደሚመጣ አገኘ። ስለዚህ በየቦታው 0፣ 1 ወይም 2 ከሆነ ዝም ብለሽ ተኚ። ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ 6 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ያለ ጥርጥር የበዛ መርገፍ አለ። 3፣ 4 እና 5 መሃል ላይ ናቸው። ያን ጊዜ ሳምንት ቆይተሽ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ድገሚው። አንዴ በታየ ውጤት ብቻ አትፍረጂ።

ከቁጥሩ እኩል የሚናገረው ግን ቦታው ነው። ፀጉር በመላው ራስ ላይ እኩል እየመጣ ከሆነ መነሻው ብዙ ጊዜ ከሰውነት ውስጥ ነው። ከባድ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ክብደት መቀነስ፣ የብረት እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ምክንያቱን ባለፈው ሳምንት ውስጥ ሲፈልግ ነው። ቅድም እንዳልኩሽ ማደጉን ያቆመ ፀጉር ከ2 እስከ 3 ወር ተቀምጦ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ዛሬ የሚረግፈው የዛሬ 2 ወይም 3 ወር ስለሆነ ነገር ነው የሚነግርሽ። ባለፈው ሳምንት የቀየርሽው ሻምፑ እዚህ የለበትም። አንድ ጊዜ በደረሰ ነገር የመጣ መርገፍ ብዙውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ይቆማል፤ ፀጉሩም ይመለሳል።

አንቺ ላይ ግን የተሞከረው ፊት ብቻ ነው። ቅድም የምጠረጥረው አለ ያልኩሽ ይህን ነው። ሹሩባ የሚወጥረው በተለይ የግንባሩን ዳርና የጆሮ ግንዱን ነው። በሚቀጥለው ሙከራ አናትና ኋላ 0 ወይም 1 ሆኖ ፊት ላይ ብቻ 4 ወይም 5 ከመጣ፣ ሰውነትሽ ውስጥ ችግር ከመፈለግ በፊት ሹሩባውን ጠርጥሪ። በዚያው መስታወት ፊት ቁሚና የግንባርሽን ዳር እዪ። ፀጉሩ ሳስቷል? ዳር ዳሩን ብቻ ቀጭንና አጫጭር ፀጉር ቀርቶ ከኋላው የሳሳ ቦታ አለ? ከተሠራሽ በኋላ ቆዳው ያምሻል፣ ወይም ትናንሽ እብጠት ይወጣበታል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ጉዳቱ የውጥረት ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለው ጉዳት ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይበቅልም። ስለዚህ ለጥቂት ወራት ሹሩባውን ተይው። ስትመለሺበትም ዳሩን እንዲተዉልሽ ንገሪያቸው። «ትንሽ ያምሻል፣ ነገ ይለቅሻል» የምትል ሠሪ ካጋጠመችሽ ቀይሪ።

መቁጠሩንም አንድ ጊዜ በወጉ ድገሚው። ሹሩባ በፈታሽ ማግሥት የጀመርሽው የመጀመሪያ ሳምንት ሙሉ በሙሉ አይታመንም። እሑድ ያን ሁሉ ስታበጥሪ ሰኞና ማክሰኞ ሊወድቅ የነበረውም አብሮ ወጥቶ ይሆናል። ስለዚህ 54 ከእውነተኛው ትንሽ ያነሰ ሊሆን ይችላል። አሁን ሹሩባ ሳይኖር ሰባት ቀን ሙሉ፣ ከመታጠቢያ ቀን ማግሥት እስከሚቀጥለው መታጠቢያ ቀን ድረስ፣ ከማበጠሪያው፣ ከትራሱና ከውኃ መውረጃው ያገኘሽውን ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ክተቺ። በየቀኑ አትቁጠሪ፤ በየቀኑ መቁጠር ጭንቀት ከመጨመር ሌላ ጥቅም የለውም። በመጨረሻው ቀን ነጭ ወረቀት ላይ አሥር አሥር እያደረግሽ ቁጠሪና ለ7 አካፍዪ። 600 ከሆነ በቀን 86 ገደማ ነው፤ ጤነኛ ነሽ። ከ1,000 ካለፈና የሚቀጥለው ወርም እንዲሁ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂጂ። ወረቀቱን አትጣዪው። ከ100 በታች እንኳ ቢሆን፣ ከራስሽ የቀድሞ ልክ ወደ እጥፍ ከወጣና እዚያው ከቆየ ለአንቺ የበዛ ነው።

አንዳንዶች ለ60 ሰከንድ ከአናት ወደ ግንባር እያበጠሩ የወጣውን የመቁጠር ዘዴ ይሻላል ይላሉ። ፈጣን ነው፤ ለሦስት ቀን ከመታጠብ በፊት ይሠራል፤ አማካዩም 10 ገደማ ነው። ግን ያ ቁጥር የተገኘው ራሰ በራነት ከሌለባቸው ወንዶች ነው። የተጠቀለለ ረጅም ፀጉር ላይ በ60 ሰከንድ ማበጠሪያው የትም አይደርስም። ለአንቺ አልመክረውም።

መሳቡም ቆጠራውም የማያዩት ነገር ደግሞ አለ። በዘር የሚመጣ መሳሳት ላይ ፀጉሩ እየቀጠነ ይሄዳል እንጂ ብዙ ላይረግፍ ይችላል። መሳቡ 1፣ ቆጠራው 60 ሆኖ እያለ አናቱ ሊሳሳ ይችላል። ስለዚህ ፀጉርሽን መሃል ለመሃል ከፍለሽ መክፈያውን በስልክ ፎቶ አንሺው። በየ2 ወይም በየ3 ወሩ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን ድገሚ። መክፈያው እየሰፋ ከሄደ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም ሐኪም ጋ ሄደሽ ታዪ።

ሳትቆጥሪም ሳትስቢም ቀጥታ የቆዳ ሐኪም ጋ የሚያስኬዱም አሉ። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚያም የራስ ቆዳ፣ ቅርፊት ወይም መግል፣ የፀጉር ቀዳዳው ጠፍቶ የሚያብለጨልጭ ቆዳ፣ የቅንድብ መርገፍ። ልጅ ላይ ቅርፊት ያለው የተመለጠ ቦታ ከታየ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፤ ቆረቆር ደግሞ በሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚድነው፤ ቅባት ብቻ አይበቃውም።

ሐኪም ጋ ከሄድሽ ወረቀቱንና ፎቶዎቹን ይዘሽ ሂጂ። የደም ምርመራ ከታዘዘልሽ ደግሞ «ለፀጉር» ተብለው የሚሸጡትን ባዮቲን ያለባቸው ክኒኖች እየወሰድሽ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪ። ባዮቲን የታይሮይድን ምርመራ ውጤት ሊያዛባ ይችላል። የብረት ክኒንም ሳትመረመሪ አትጀምሪ።